ፖሊሲው ከማብቃቱ በፊት፦ ወደፊት የካሣ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችልን ሁኔታ ለመድን ሰጪ ማሳወቅ (ለአማካሪ መሐንዲሶች)

ካዛንቺስ ውስጥ ሁለት ቤዝመንት ያለው ጂ+9 ሕንፃ ሊሠራ ቁፋሮው ሰባት ሜትር ወርዷል እንበል። የጉድጓዱን መደገፊያ የነደፈውም ሥራውን የሚቆጣጠረውም ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ አማካሪ ድርጅት ነው። ግንቦት 28 ቀን በምሥራቅ በኩል ያለው የጂ+3 ሕንፃ ባለቤት «ግድግዳዬ ተሰነጠቀ» ብለው ለተቋራጩ ፎርማን ነገሩት። ደብዳቤ አልጻፉም፤ ገንዘብም አልጠየቁም። የአማካሪው የሙያ ኃላፊነት መድን ደግሞ የሚያበቃው በፈረንጆቹ ጁን 30 ነው። ጥያቄው በጽሑፍ የሚመጣው በኅዳር ከሆነ፣ ካሣውን መድን ሰጪው ይከፍላል ወይስ ድርጅቱ ከኪሱ ያወጣል የሚለውን የሚወስነው ከግንቦት 28 እስከ ጁን 30 ባሉት ቀናት የተሠራው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ ምሳሌ እየተመራን እናሳያለን።

ጥያቄ ሳይመጣ ለምን ይነገራል?

በመኪና መድን የሚታየው አደጋው የደረሰበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጸንቶ የነበረው ፖሊሲ ይከፍላል፤ ጥያቄው ዘግይቶ ቢቀርብም ፖሊሲው ያው ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን በብዛት የሚሸጠው ግን «ክሌምስ ሜድ» በሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ስህተቱ የተሠራበት ቀን ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው የካሣ ጥያቄው ለድርጅቱ የቀረበበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጸንቶ ያለው ፖሊሲ መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ ግንቦት ላይ የታየው ስንጥቅ ኅዳር ላይ ወደ ጥያቄ ሲቀየር አሮጌው ፖሊሲ «በእኔ ዘመን ጥያቄ አልቀረበም» ይላል። አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ መድን ገቢው ውሉ ከመጀመሩ በፊት ያውቀው የነበረን ጉዳይ በግልጽ ስለሚያስቀር «ይህን ታውቁት ነበር» ይላል። ድርጅቱ ዓረቦኑን ሳያቋርጥ እየከፈለ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው በፖሊሲው ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ መድን ገቢው ወደፊት ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ሁኔታ መኖሩን በፖሊሲው ዘመን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ከዚያ ሁኔታ የሚነሳ ጥያቄ መቼም ቢመጣ በዚያው ዘመን እንደቀረበ ይቆጠራል። የኅዳሩ ጥያቄ ወደ አሮጌው ፖሊሲ ይመለሳል ማለት ነው።

በግንባታ ሥራ ይህ ክፍተት ሰፊ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ የሚሆነው ርክክብ ከተደረገ ጀምሮ ለ10 ዓመት ነው። ባለቤቱ ተቋራጩን ሲከስ አማካሪውንም አብሮ መጥራቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ዛሬ የታየ ምልክት ብዙ እድሳቶችን ተሻግሮ ሊመጣ ይችላል።

አንደኛ፦ ፖሊሲውን አውጥታችሁ አራት ነገር ፈልጉ

መጀመሪያ ያንን «እንደቀረበ ይቆጠራል» የሚለውን አንቀጽ አግኙ። ከሌለ፣ ማሳወቃችሁ ግዴታን ከመወጣት ያለፈ ጥቅም ላይሰጥ ይችላል፤ ይህንንም ከእድሳት በፊት ከመድን ሰጪው ጋር መደራደር ይገባል። ቀጥሎ ሥራው የተሠራበትን ጊዜ ወደኋላ የሚወስነውን ቀን ተመልከቱ። ሪትሮአክቲቭ ዴት ይባላል። ንድፉ ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ከሆነ ማሳወቅ አያድነውም።

ሦስተኛው የሁኔታው መለኪያ ነው። አንዳንድ ፖሊሲ ጥያቄ «ሊያስነሳ የሚችል» ሁኔታ ይላል፤ ሌላው «ሊያስነሳ የሚገመት» ይላል። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አተረጓጎም ሁለተኛው ከፍ ያለ ነው፤ ጥያቄ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ መብለጥ አለበት። የመጀመሪያው ግን እውነተኛ ዕድል መኖሩ ይበቃዋል። የለንደን አተረጓጎም እዚህ ፍርድ ቤት አይገዛም። ሆኖም እዚህ የሚሸጡት የሙያ ኃላፊነት ፖሊሲዎች ቃል በብዛት የተቀዳው ከዚያ ነው፤ ከስጋቱ ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው የውጭ ጠለፋ መድን ሰጪም ቃሉን የሚያነበው በዚያው ልማድ ነው። አራተኛው ማሳወቂያው ለማን፣ በምን አድራሻና በምን መንገድ ይድረስ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ለመድን ሰጪው ራሱ ይላል።

ሁለተኛ፦ የማብቂያውን ቀንና ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገር። ፖሊሲው የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጁን 30 ማለት ሰኔ 23 ነው። የቢሮ ሰው ግን በአፍ «ፖሊሲያችን በሰኔ መጨረሻ ያበቃል» ይላል። የመንግሥት በጀት ዓመትም ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያ ቀን በሁሉም ሰው አእምሮ ውስጥ አለ። ሰኔ 30 ግን ጁላይ 7 ነው። ደብዳቤውን ሰኔ 28 ይዞ የሄደ ሰው አምስት ቀን አልፎበታል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በፖሊሲው ላይ 4:00 ፒኤም ካለ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። 12:00 ኑን ካለ ቀትር፣ ማለትም ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የምሽት 12 ሰዓት ነው ብሎ ያነበበ ሙሉ ግማሽ ቀን ያጣል። ከሁሉም የከፋው ጁን 30፣ 12:01 ኤኤም የሚለው ነው። ይህ ሰኔ 22 አምሽቶ ሰኔ 23 ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። በዚህ ፖሊሲ የሰኔ 23 የሥራ ቀን በሙሉ ከሽፋኑ ውጭ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጁን 30 ብዙ መድን ሰጪዎች ሒሳባቸውን የሚዘጉበት ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ደብዳቤ ተቀብሎ ማኅተም የሚያደርግ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለራሳችሁ የውስጥ ማብቂያ ቀን አስቀምጡ። በምሳሌያችን ሰኔ 16 እናድርገው፤ አንድ ሳምንት ለተጓደለ ነገር ይቀራል።

ሦስተኛ፦ ድርጅቱ የሚያውቀውን ሁሉ ሰብስቡ

የስንጥቁን ወሬ የሰማው ፎርማኑ ነው። ፎርማኑ ለሳይት ተቆጣጣሪው ነገረው፤ ተቆጣጣሪው በዕለት መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ እስካሁን አልሰማም። ለመድን ሰጪ ግን ተቆጣጣሪው ያወቀውን ድርጅቱ አውቋል ብሎ መከራከር ቀላል ነው። ስለዚህ ከማብቂያው አንድ ወር ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ ንድፍ ሠሪና ተቆጣጣሪ የጽሑፍ ጥያቄ ይላክ፣ መልሱም በፊርማ ይመለስ። «ችግር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሁሉም «የለም» ይላል። ተለይቶ ይጠየቅ፦ ክፍያ የያዘብን ባለቤት አለ ወይ? ያለወትሮው የንድፍ ቅጂ ወይም የቃለ ጉባኤ ቅጂ የጠየቀን አለ? ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ መጥቷል? ጎረቤት ቅሬታ አሰምቷል? ንድፋችን ላይ ስህተት አይተን በዝምታ ያስተካከልነው ነገር አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነገር ያወጣል።

በምሳሌያችን ከመልሶቹ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው ስንጥቁ ነው። ሁለተኛው፣ በመደገፊያው ምሥራቅ ጎን ላይ የተተከለው መለኪያ በሁለት ሳምንት 18 ሚሊሜትር መንቀሳቀሱን አሳይቷል፤ ንድፉ ጉድጓዱ መጨረሻ ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ የገመተው ግን 12 ነበር። ስንጥቁ ብቻ ቢሆን የጎረቤት ወሬ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን በየትኛውም መለኪያ መነገር ያለበት ሁኔታ ሆነ።

አራተኛ፦ ደብዳቤውን መጻፍ

ጥበቡ ያለው እዚህ ነው፤ የደብዳቤው ስፋት የሽፋኑ ስፋት ይሆናልና። በመጀመሪያ እንዲህ ተጻፈ እንበል፦

«በካዛንቺስ ፕሮጀክታችን በምሥራቅ በኩል ባለው ጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ መታየቱን እናሳውቃለን።»

ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ጠባብ ነው። በጥቅምት በምዕራብ በኩል መደገፊያው ገፍቶ ከመንገዱ ሥር ያለውን የውኃ መስመር ቢሰብርስ? መድን ሰጪው «የነገራችሁኝ የምሥራቁን ግድግዳ ስንጥቅ ነው» ይላል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ውስጥ በታየው የካጂማ ጉዳይ ልክ እንዲህ ሆኗል። የግንባታ ኩባንያው በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ መስመጥና መዛባት መኖሩን አሳውቆ ነበር። በኋላ በምርመራ ሌሎች ጉድለቶች ተገኙ። ፍርድ ቤቱ ከተነገረው ሁኔታ ያልመነጩት ጉድለቶች በቀድሞው ማሳወቂያ አይሸፈኑም አለ።

ስለዚህ የታየውን ምልክት ጻፉ፤ ከምልክቱ በስተጀርባ ሊኖር የሚችለውን ችግርም ጻፉ፤ ምክንያቱ ገና ያልታወቀ ከሆነ አለመታወቁን በግልጽ አስፍሩ። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ይሆናል፦

«በፖሊሲው የማሳወቂያ አንቀጽ መሠረት የካሣ ጥያቄ ሊያስነሱ የሚችሉ የሚከተሉትን ሁኔታዎች እናሳውቃለን። ድርጅታችን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ለሚገነባው ሕንፃ የቁፋሮ መደገፊያውን ነድፏል፤ ግንባታውንም ይቆጣጠራል። ግንቦት 28 ቀን በምሥራቅ በኩል ያለው ሕንፃ ባለቤት በግድግዳቸው ላይ ስንጥቅ መታየቱን በቃል ተናግረዋል። በምሥራቅ ጎን ያለው መለኪያ 18 ሚሊሜትር እንቅስቃሴ መዝግቧል፤ በንድፉ ለመጨረሻ ጥልቀት የተገመተው 12 ሚሊሜትር ነበር። የእንቅስቃሴው ምክንያት እስካሁን አልታወቀም። የመደገፊያው ንድፍ፣ ንድፉ የተመሠረተበት የአፈር ምርመራ አተረጓጎም ወይም የቁጥጥር ሥራችን ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ንድፉና የአፈር መረጃው ለጉድጓዱ አራቱም ጎን አንድ ዓይነት በመሆናቸው ችግሩ በምሥራቅ ጎን ብቻ ላይወሰን ይችላል። ጥያቄው ከሕንፃው ባለቤት፣ ከተቋራጩ፣ ከአጎራባች ባለይዞታዎች ወይም ከመሠረተ ልማት ተቋማት ሊመጣ ይችላል፤ የአጎራባች ሕንፃ ጥገናን፣ የመደገፊያ ማጠናከሪያን፣ የሥራ መዘግየትንና የመሠረተ ልማት ጉዳትን ሊያካትት ይችላል። ይህ ማሳወቂያ ኃላፊነትን ማመን አይደለም።»

ሁለተኛው ረቂቅ የሰፋው በግምት አይደለም። «አራቱም ጎን» የሚለው ንድፉና የአፈር ሪፖርቱ አንድ በመሆናቸው ላይ የቆመ ነው፤ ይህም በሰኔ የታወቀ ሐቅ ነው። ልኩ እዚህ ነው፤ በፖሊሲው ዘመን የምታውቁት መነሻ የሌለውን ነገር ማሳወቅ አይቻልም። ድርጅቱ በአምስት ዓመት የሠራቸውን ፕሮጀክቶች ዝርዝር አያይዞ «በእነዚህ ሁሉ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል» ብሎ የሚልክ ሰው ያጋጥማል። መድን ሰጪው ይህ ሁኔታ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል፤ እውነተኛዋ አንድ ጉዳይም በዝርዝሩ ውስጥ ሰጥማ ትቀራለች።

ስለ ቋንቋው፦ ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የማሳወቂያ አንቀጹንም ቁልፍ ሐረግ ቃል በቃል ድገሙት። የፖሊሲ ቁጥሩን፣ የፖሊሲውን ዘመንና የአንቀጹን ቁጥር በርዕሱ ላይ አስቀምጡ። የመለኪያውን ንባብ፣ ፎቶውንና የዕለት መዝገቡን ገጽ አባሪ አድርጉ። «ቀላል ነው፣ ጥያቄ ይመጣል ብለን አናስብም» የሚል ማጽናኛ አትጻፉ። ይህን ስትሉ ሁኔታው መለኪያውን አያሟላም ብላችሁ ራሳችሁ መመስከራችሁ ነው። ግልባጭም ለፕሮጀክቱ ባለቤት አታድርጉ። በእኛ ቢሮዎች ግልባጭ ማብዛት ልማድ ቢሆንም፣ ይህ ደብዳቤ በጠያቂ እጅ ሲገባ ማስረጃ ይሆናል፤ ብዙ ፖሊሲም መድን እንዳለ ለሦስተኛ ወገን መግለጽን ይከለክላል።

አምስተኛ፦ ማድረስና የደረሰበትን ማስረጃ መያዝ

ደብዳቤው በሥራ አስኪያጁ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በሁለት ቅጂ ወደ መድን ሰጪው መዝገብ ቤት ይሂድ። በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተቀባይ ስምና ፊርማ ይደረግበት። ተቀባዩ የሚጽፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚሆን አጠገቡ የፈረንጁን ቀን እንዲጨምር በትሕትና ጠይቁ። በዚያው ቀን ሙሉውን ከነአባሪው በኢሜይል ላኩ፤ መቀበላቸውን እንዲያረጋግጡም ጠይቁ።

ብሮከር ካላችሁ በእርሱ በኩልም ላኩ፤ ግን በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። ብሮከር በመሠረቱ የእናንተ ወኪል ነው። ፖሊሲው ለብሮከሩ የተነገረ ለመድን ሰጪው እንደተነገረ ይቆጠራል ካላለ በቀር፣ በብሮከሩ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ደብዳቤ መድን ሰጪው ዘንድ አልደረሰም። ለሽያጭ ሠራተኛ በስልክ ወይም በቴሌግራም መንገርም ማሳወቅ አይደለም።

የመድን ሰጪው መልስ በአብዛኛው «ደርሶናል፣ መብታችንን ጠብቀን ተመልክተናል» የሚል ነው። ይህ እምቢታ አይደለም። ተጨማሪ መረጃ ከጠየቁ ግን ከማብቂያው በፊት መልሱ። ሰኔ 20 ላይ በሰሜን ጎንም እንቅስቃሴ ቢታይ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይበቃል ብላችሁ አትተዉት። የቀድሞውን የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ተጨማሪ ማሳወቂያ አስገቡ።

ስድስተኛ፦ የእድሳት ቅጹ ከደብዳቤው ጋር ይስማማ

በእድሳት ቅጹ ላይ «ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ሁኔታ ታውቃላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙ ድርጅት ዓረቦን ይጨምርብኛል ብሎ «የለም» ይላል። ዓረቦኑ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ባልተካው ክፍል፣ ሆን ብሎ መደበቅ ወይም ሐሰት መናገር አዲሱን ውል ራሱን ያፈርሳል። የሚጠፋው የካዛንቺሱ ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ በዚያ ዓመት የሚመጣው ሌላው ጥያቄ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ «አዎ፣ በዚህ ቁጥርና ቀን ደብዳቤ አሳውቀናል» ብላችሁ ቅጂውን አያይዙ።

አዲሱ ፖሊሲ የካዛንቺሱን ጉዳይ በስም ቢያስቀር አትደንግጡ። ጉዳዩ በአሮጌው ፖሊሲ ተይዟል። የሚያስፈልገው የማስቀሪያው አንቀጽ ከማሳወቂያው አለመስፋቱ ነው። ደብዳቤያችሁ የሚናገረው ስለ መደገፊያው ሆኖ አዲሱ ፖሊሲ «ከካዛንቺሱ ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጥያቄ» ካለ፣ የዓምዶቹና የወለሎቹ ንድፍ በሁለቱም ሳይሸፈን ይቀራል። «ሰኔ 16 በተጻፈው ደብዳቤ የተገለጹት ሁኔታዎች» ተብሎ እንዲጠብ ተደራደሩ። መድን ሰጪ የምትቀይሩ ከሆነ ይህ ድርድር ከመፈረም በፊት ያልቅ።

ጥያቄው ሲመጣ

ኅዳር ላይ የጎረቤቱ ጠበቃ 3 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ከሳምንት በኋላ የሕንፃው ባለቤት ለማጠናከሪያና ለመዘግየት 5 ሚሊዮን ጠየቀ። ሁለቱም ወዲያው ለአሮጌው ፖሊሲ መድን ሰጪ ይላካሉ፤ በርዕሱ ላይ የሰኔ 16ቱ ደብዳቤ የገቢ ቁጥር ይጠቀሳል። በፖሊሲው ቃል ከአንድ ምክንያት የመነጩ ጥያቄዎች እንደ አንድ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ከድርጅቱ ኪስ የሚወጣው የመጀመሪያ ድርሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድርሻው 400 ሺህ ብር ቢሆን 800 ሺህ ሳይሆን 400 ሺህ ይከፈላል ማለት ነው። የሽፋኑ ጣሪያም ለሁለቱ ጥያቄዎች በአንድነት አንድ ይሆናል። ለጥንቃቄ አዲሱን ፖሊሲ ለያዘውም ግልባጩን አስገቡ፤ ሁለቱ መድን ሰጪዎች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ በእናንተ በኩል ግን የተጓደለ ማሳወቂያ አይኖርም።

በዚህ መሐል በሽምግልና «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እንጠግናለን» ብሎ መስማማት አለ። ለጉርብትና መልካም ነው፤ ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ከተደረገ ግን አብዛኛው ፖሊሲ ያንን ወጪ አይተካም። ሽማግሌ ሲላክ «ጉዳዩን ለመድን ሰጪያችን አቅርበን እንመለሳለን» ማለት እንኳ መድን መኖሩን ስለሚገልጽ፣ «በጽሑፍ አቅርቡልን፣ ተመልክተን መልስ እንሰጣለን» ማለት ይሻላል።

መድን ሰጪው በጽሑፍ እምቢ ካለ፣ በዚያው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 674 መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ አስታውሱ። የቃል ድርድር በሂደት ላይ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ የእምቢታውን ደብዳቤ፣ የሰኔ 16ቱን ቅጂ ከነማኅተሙና የፖሊሲውን ሙሉ ቃል ይዛችሁ በዚያው ወር ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።